ፕሮፎርማ ስንልክ ኢሜይሉ ላይ ከዋጋው ሌላ ምን እንጻፍ?

ማተሚያ ቤታችን ቱሉ ዲምቱ ነው። አንድ ባለ አንድ ቀለም ኦፍሴት ማሽን፣ አንድ የወረቀት መቁረጫ፣ አንድ ኮምፒውተርና አራት ሰው አለን። ባለ አራት ቀለም ሽፋን ሲመጣ መሃል ከተማ አሳትመን፣ ላሚኔት አስደርገን እንመለሳለን። ደንበኞቻችን ብዙዎቹ ከእኛ ርቀው ያሉ መሥሪያ ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና የሥልጠና ድርጅቶች ናቸው። ፊት ለፊት ሳንተያይ ሥራ የምንይዘው በኢሜይል በምንልከው ፕሮፎርማ ነው።

ለብዙ ጊዜ ኢሜይላችን ላይ የምንጽፈው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ «የጠየቃችሁትን ፕሮፎርማ አያይዘናል፤ እናመሰግናለን።» ዋጋው አባሪው ውስጥ አለ፣ ማኅተሙም አለ፣ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል ብለን ነው። አንድ የሥልጠና ድርጅት ግን በአንድ ሥራ ላይ ሦስት ጊዜ አጨቃጨቀን፤ ሦስቱም ጭቅጭቅ የመነጨው እኛ ኢሜይሉ ላይ ካልጻፍነው ነገር ነው። ያንን ሥራ እየተከተልኩ ላስረዳ።

መጀመሪያ ኢሜይሉን ማን እንደሚያነበው ማወቅ ያስፈልጋል። ዋጋ የጠየቀን የግዢ ሠራተኛ ብዙውን ጊዜ ወሳኙ ሰው አይደለም። ከሦስት ማተሚያ ቤት ፕሮፎርማ ይሰበስብና ማወዳደሪያ ሠንጠረዥ ላይ ይሞላል፤ ሠንጠረዡ ወደ ኃላፊው ወይም ወደ ግዢ ኮሚቴው ይሄዳል። እዚያ የተቀመጡት ሰዎች ከእኛ ጋር በስልክ አላወሩም። ወረቀት በግራም እንደሚለካም፣ ላሚኔሽን ምን እንደሆነም ላያውቁ ይችላሉ። የሚያዩት ሦስት ቁጥር ነው። ሦስቱ ቁጥሮች የአንድ ዓይነት ዕቃ ዋጋ መሆናቸውን ወይም አለመሆናቸውን የሚነግራቸው ሰው ከሌለ ዝቅተኛውን ይመርጣሉ፤ አይፈረድባቸውም። ስለዚህ ኢሜይሉ ዋና ሥራው ቁጥሩ የምን ዋጋ እንደሆነ መናገር ነው።

የሥልጠና ድርጅቱ የላከልን ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «1,000 ቅጂ የሥልጠና መመሪያ፣ ኤ5፣ 50 ገጽ፣ ሽፋኑ ባለ ቀለም።» ይህ ጥያቄ ለአንባቢ ግልጽ ይመስላል። ለአታሚ ግን ቢያንስ ሦስት የተለያየ መጽሐፍ ነው።

አንደኛ፣ «ገጽ» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው? እኛ ጋ አንድ ቅጠል ወረቀት ሁለት ገጽ አለው፣ ፊትና ጀርባ። ብዙ ደንበኛ ግን «50 ገጽ» ብሎ 50 ቅጠል ማለቱ ነው፤ ይህ ደግሞ 100 ገጽ ነው። ሁለተኛ፣ ሽፋኑ በ50ው ውስጥ ተቆጥሯል ወይስ አልተቆጠረም? ሽፋን ብቻውን አራት ገጽ ነው፦ የፊት፣ የፊት ውስጥ፣ የኋላ ውስጥና የኋላ። ሦስተኛው ሰው ብዙም የማያስበው ነው። መሃሉ ላይ በሽቦ የሚሰፋ መጽሐፍ የሚሠራው ወረቀት ለሁለት ታጥፎ ስለሆነ እያንዳንዱ ወረቀት አራት ገጽ ይሰጣል። የገጹ ቁጥር ለአራት የሚካፈል መሆን አለበት ማለት ነው፤ 50 ለአራት አይካፈልም። በዚህ ጥረዛ 50 ገጽ የሚባል መጽሐፍ የለም፤ 48 አለ፣ 52 አለ።

እንግዲህ ሽፋኑ በ50ው ውስጥ ከተቆጠረ ውስጡ 46 ገጽ ነው፤ ወደ 48 ይጠጋል። ካልተቆጠረ ውስጡ 50 ነው፤ ወደ 52 ያድጋል። በኤ4 ብናስበው፣ ለአንድ መጽሐፍ 12 ወረቀት ወይም 13 ወረቀት ነው። ለ1,000 ቅጂ ልዩነቱ 1,000 ወረቀት፣ ማለትም ሁለት እሽግ ነው። ቅጠል ማለታቸው ከሆነ ግን 25 ወረቀት በቅጂ ይወጣል፤ ለ1,000 ቅጂ 50 እሽግ፣ የ52 ገጹ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረውም።

እኛ 52 ብለን አሰብን፤ ለማንም ግን አልነገርንም። ከሌሎቹ ተወዳዳሪዎች አንዱ 48 አስቦ ኖሮ የእሱ ዋጋ ዝቅ አለ። የግዢ ሠራተኛዋ ደውላ «እናንተ ለምን ተወደዳችሁ?» ስትል ነው ነገሩ የገባን። ኢሜይሉ ላይ «ዋጋ የሰጠነው ሽፋኑን ሳይጨምር ለ52 ገጽ (26 ቅጠል) ነው፤ በሽቦ ስለሚሰፋ የገጹ ቁጥር ለአራት መካፈል አለበት፤ 48 ገጽ ከበቃችሁ ዋጋው ይቀንሳል» ብለን ብንጽፍ ኖሮ ጥያቄው እኛ ጋ ከመምጣቱ በፊት ሌላኛው ማተሚያ ቤት ጋ ይሄድ ነበር። እሱ ስንት ገጽ አሰበ?

ከዚህ የተማርኩት፣ የደንበኛውን ጥያቄ እንዳለ መልሶ መጻፍ እንደማይበቃ ነው። ሥራውን በራሳችን ቃል፣ እኛ በምንሠራበት መልኩ መጻፍ አለብን፦ የውስጡ ወረቀት ስንት ግራም ነው፣ በስንት ቀለም ይታተማል፣ የሽፋኑ ወረቀት ስንት ግራም ነው፣ ላሚኔቱ የሚያብረቀርቅ ነው ወይስ ማት፣ ጥረዛው በሽቦ ነው ወይስ በሙጫ። ሁሉም በሁለት መስመር ይገባል። ከጥያቄያቸው የተለየ ነገር ካለ ደግሞ ተለይቶ ይጻፍ። ባለ 80 ግራም ጠይቀው ባለ 70 ያሰበ አታሚ ዝም ካለ፣ መጽሐፉ ሲገለጥ የኋላው ጽሑፍ ወደ ፊት ሲያስተላልፍ ያን ጊዜ ይታወቃል።

ሁለተኛው ጭቅጭቅ የቫት ነው። የእኛ ነጠላ ዋጋ 120 ብር ነበር እንበል፤ ቁጥሮቹ ለማሳያ ናቸው። የሌላው 130 ብር። የገጹ ነገር ከተብራራ በኋላ ሠንጠረዡ ላይ እኛ አሸነፍን፤ የግዢ ትዕዛዙም በ120,000 ብር ተቆረጠ። የእኛ 120 ግን ከቫት በፊት ነው። 15 በመቶ ሲጨመርበት 18,000 ብር ይመጣና ጠቅላላው 138,000 ይሆናል። የሌላው 130 ቫትን የጨመረ ነበር፤ ቫቱ ሲወጣ 113 ብር ከጥቂት ሳንቲም ነው። ርካሹ እሱ ነበር። ፕሮፎርማችን ላይ «ቫትን አይጨምርም» የሚል በትንሽ ፊደል ከሥር ተጽፏል፤ ሠንጠረዡን የሞላው ሰው ግን አላየውም። በጀቱ የተፈቀደው ለ120,000 ስለሆነ 18,000 ብሩን ማምጫ አጡ። እኛም አታለልናቸው የተባልን መስሎን በጣም አፈርን።

ስለዚህ ኢሜይሉ ላይ ሁለቱም ቁጥር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፤ ቀድሞ የሚመጣውም ቫትን የጨመረው ጠቅላላ ይሁን፤ ደንበኛው በመጨረሻ የሚከፍለው እሱን ነውና። የቫት ተመዝጋቢ ያልሆነ ማተሚያ ቤትም «የቫት ተመዝጋቢ ስላልሆንን ዋጋው ላይ ቫት አይጨመርም» ብሎ በግልጽ ይጻፍ። ይህን መደበቅ ምንም አይጠቅምም። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የንግድ ፈቃድ ሲጠየቅ መታወቁ አይቀርም፤ ደንበኛው የቫት ደረሰኝ የግድ የሚፈልግ ከሆነም ሁለታችሁም ጊዜ ሳታባክኑ ትለያያላችሁ።

ሦስተኛው፣ ለእኔ ከሁሉም የከበደው፣ የቀን ነገር ነው። ፕሮፎርማው ላይ «የማስረከቢያ ጊዜ፦ 10 ቀን» ብለናል። ከመቼ ጀምሮ? አልተጻፈም። ድርጅቱ ኢሜይሉ ከተላከበት ቀን ቆጠረ። የግዢ ትዕዛዙ የደረሰን በስድስተኛው ቀን ነው፤ የሚታተመው ፋይል በዘጠነኛው። በአሥረኛው ቀን ጠዋት «መጻሕፍቱን በስንት ሰዓት ታመጣላችሁ?» ተብሎ ተደወለልን። ሥልጠናው በማግሥቱ ይጀመር ነበር።

የአታሚ ቀን የሚቆጠረው ሁለት ነገር ከተሟላ በኋላ ነው፦ ቀብዱ ከገባና ደንበኛው የመጨረሻውን ናሙና አይቶ ከፈረመ። ናሙናው ሳይፈረም ፕሌት ማስወጣት ገንዘብ መጣል ነው፤ አንድ ፊደል ቢቀየር የዚያ ፕሌት ዋጋ ሙሉ በሙሉ ይከስራል። ስለዚህ «ቀብድ ከገባና ናሙናው ከተፈረመበት፣ ከሁለቱ ከዘገየው ቀን ጀምሮ በ10 የሥራ ቀናት» ብሎ መጻፍ ያስፈልጋል። «ከሁለቱ ከዘገየው» የሚለውን አትርሱት፤ እሱ ከሌለ ገንዘብ ቀድሞ የገባ ዕለት መቁጠር ይጀመራል፣ ፋይሉ ገና ኮምፒውተራቸው ላይ እያለ።

አሥሩን ቀን ምን እንደሚበላው በአንድ መስመር መንገርም ጥሩ ነው፤ ደንበኛ ምክንያቱን ሲያውቅ ይታገሣል። በዚህ ሥራ ላይ የውስጡ ኅትመት ሦስት ቀን ይፈጃል። ሽፋኑ ወደ መሃል ከተማ ሄዶ ታትሞ፣ ቀለሙ ደርቆ፣ ላሚኔት ተደርጎ እስኪመለስ ሌላ ሦስት ቀን። ቀለሙ ሳይደርቅ ላሚኔት ከተደረገ ፕላስቲኩ አይይዝም፤ ከእጥፋቱ ላይ ይላጣል። ማጠፍ፣ መስፋትና ጠርዙን መቁረጥ ሁለት ቀን። የቀሩት ሁለት ቀናት ለመብራት መቋረጥና ለመንገድ ናቸው፤ ከተማ ዳር የሚሠራ ሰው እነሱን ሳይዝ ቀን መስጠት የለበትም።

ፋይሉን በተመለከተ አንድ ነገር ላይ ልቆይ፤ ከገጽ ቁጥሩ ጋር የተያያዘ ነውና። ድርጅቱ የላከልን የወርድ ፋይል ነበር። እነሱ ጋ ሲከፈት 50 ገጽ፣ እኛ ጋ ሲከፈት 53። ምክንያቱ ፎንት ነው። እነሱ የተጠቀሙበት የግእዝ ፎንት እኛ ኮምፒውተር ላይ ከሌለ ወርድ የራሱን ምትክ ያስገባል፤ ምትኩ ፊደል ሰፋ ካለ መስመሩ ይረዝማል፣ አንቀጹ ይወርዳል፣ ገጹ ይጨምራል። እንደ ፓወር ግእዝ ባሉ የቆዩ ፎንቶች የተጻፈ ከሆነማ ይብሳል፤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ አማርኛው ሁሉ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ድብልቅ ሆኖ ይመጣል። 53 ገጽ ደግሞ ወደ 56 ይጠጋል፤ ዋጋችን የተሠራው ለ52 ነው። ስለዚህ ኢሜይሉ ላይ «የሚታተመው ፋይል በፒዲኤፍ ይላክልን፤ የገጹ ቁጥር የሚጸናው ፒዲኤፉ ላይ ባለው ነው» የሚል መስመር ገባ። ወደ ፒዲኤፍ መቀየር ለማይችል ደንበኛ ፎንቱን አብሮ እንዲልክ እንጠይቀዋለን። ፊደል ማረምና ገጽ ማስተካከል ዋጋው ውስጥ ካልተካተተ እሱም ይጻፍ፤ ሦስት ቀን ሙሉ የደንበኛ ጽሑፍ ስናርም ውለን በነጻ ያስረከብንበት ጊዜ አለ።

ዋጋው እስከ መቼ እንደሚጸና መጻፍ ዛሬ የግድ ነው። ወረቀትም ቀለምም ፕሌትም ከውጭ የሚገባ ስለሆነ የብር ምንዛሪ ሲለዋወጥ የእኛም ወጪ አብሮ ይለዋወጣል። ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በአንድ ወር ውስጥ አንድ እሽግ ወረቀት በሌላ ዋጋ መግዛት ብርቅ አይደለም። ታዲያ «ለ15 ቀን» ከማለት የሚያልቅበትን ቀን መጻፍ ይሻላል። ቀኑንም «15/3/2018» ብላችሁ አትጻፉ። ኢሜይሉ ራሱ በላዩ ላይ የሚያሳየው የፈረንጅ ቀን ነው፤ ሂሳብ ክፍል ያለው ሰው ማርች 2018 ብሎ አንብቦ «ይሄ እኮ ድሮ አልፎበታል» ይላል። ወሩን በስሙ፣ በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉት፤ አለቀ።

ክፍያውን በአጭሩ ላንሳው፦ ቀብዱ ስንት በመቶ እንደሆነና ቀሪው መቼ እንደሚከፈል ይጻፍ። ማስረከቢያውም እንዲሁ፤ ይህ መጽሐፍ አንዱ 80 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ 1,000ው 80 ኪሎ ነው። ከቱሉ ዲምቱ መኪና ይዞ መሄድ አለበት፤ ሦስተኛ ፎቅ ያለ መጋዘን ድረስ ማን እንደሚያወጣው ካልተነገረ ሹፌሩና ጥበቃው በር ላይ ይጨቃጨቃሉ።

አሁን የምንልከው ኢሜይል ይህን ይመስላል። ለዚያው ዓይነት ሥራ፣ በኅዳር መጀመሪያ 2018 ዓ.ም. እንደተላከ አድርጋችሁ አንብቡት።

ርዕስ፦ የዋጋ ማቅረቢያ ቁ. 041/2018፣ 1,000 የሥልጠና መመሪያ ኅትመት

ለግዢ ክፍል፣

ጤና ይስጥልን። ጥቅምት 28 ቀን 2018 ዓ.ም. ለጠየቃችሁን የሥልጠና መመሪያ ኅትመት ማኅተምና ፊርማ ያለበትን ፕሮፎርማ፣ የንግድ ፈቃዳችንንና የቫት ምዝገባ ሰርተፊኬታችንን አያይዘናል።

ጠቅላላ ዋጋው 15 በመቶ ቫትን ጨምሮ 138,000 ብር ነው። ከቫት በፊት 120,000 ብር፣ በነጠላ 120 ብር ይሆናል።

ይህ ዋጋ የሚከተለውን ሥራ የሚመለከት ነው፦ 1,000 ቅጂ፣ ኤ5 ቁም፤ ውስጡ 52 ገጽ (26 ቅጠል) በ80 ግራም ነጭ ወረቀት፣ በጥቁር ቀለም ብቻ፤ ሽፋኑ በ250 ግራም አርት ካርድ፣ የውጭው ፊት በአራት ቀለም፣ ማት ላሚኔት የተደረገ፤ መሃሉ ላይ በሁለት ሽቦ የተሰፋ። ዲዛይንና የፊደል እርማት አልተካተተም።

እናንተ የጠየቃችሁት 50 ገጽ ነው። በሽቦ የሚሰፋ መጽሐፍ የገጹ ቁጥር ለአራት መካፈል ስላለበት 52 አድርገነዋል፤ ሁለቱ ገጾች ለማስታወሻ ባዶ ይሆናሉ። ሽፋኑን ጨምራችሁ ቆጥራችሁ ከሆነ 48 ይበቃችኋል፤ ነጠላ ዋጋውም ከቫት በፊት 115 ብር ይሆናል። 50 ቅጠል ማለታችሁ ከነበረ እባካችሁ አሳውቁን፤ ሌላ ዋጋ እንልካለን።

የሚታተመውን ፋይል በፒዲኤፍ ላኩልን። የመጨረሻውን ናሙና አሳይተናችሁ ከፈረማችሁበት በኋላ ወደ ኅትመት እንገባለን፤ ከፊርማው በኋላ የሚደረግ ለውጥ ለብቻው ይከፈልበታል።

ቀብድ 50 በመቶ፣ ቀሪው ስናስረክብ። የምናስረክበው ቀብዱ ከገባና ናሙናው ከተፈረመበት፣ ከሁለቱ ከዘገየው ቀን ጀምሮ በ10 የሥራ ቀናት ነው፤ ቅዳሜ፣ እሑድና በዓላት አይቆጠሩም። እስከ መሥሪያ ቤታችሁ በር የማድረሻው ወጪ ዋጋው ውስጥ አለ።

ዋጋው እስከ ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 24 ቀን 2025) የጸና ነው።

ለጥያቄ የሚደወልበት ስልክ ከሥር አለ፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት የሚያነሳው ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው።

ከአክብሮት ጋር

እዚህ ላይ ኢሜይሉ ይበቃል። ለ30 ዓመት የቆየን፣ ዘመናዊ ማሽን ያለን የሚል አንቀጽ አልገባበትም፤ ማወዳደሪያው ላይ የሚሞላበት ቦታ የለውም። ቁጥሩ ኢሜይሉ ላይም አባሪው ላይም ስላለ ግን ከመላካችሁ በፊት ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ አመሳክሩ። ባለፈው የላክነውን ቀድተን ስንሠራ አባሪው ላይ የቀድሞው ደንበኛ ስም ቀርቶ የሄደበት ጊዜ አለና። አባሪው አንድ ፒዲኤፍ ይሁን፤ በስልክ የተነሳ አምስት ፎቶ ሲላክ አንዱ ሳይታተም ይቀራል፣ የሚቀረው ደግሞ ማኅተሙ ያለበት ሊሆን ይችላል። የፋይሉም ስም ብቻውን `proforma.pdf` አይሁን፤ የግዢ ሠራተኛዋ በዚያው ስም ከሦስት ማተሚያ ቤት ደርሷታል። `Proforma-041-2018.pdf` ብትሉት ኢሜይሉ ላይ ካለው ቁጥር ጋር ይገጥማል።

እኔ ኢሜይሉን ከመላኬ በፊት ማሽኑ ላይ ለሚሠራው ልጅ አባሪውን ሳላሳየው አነብለታለሁ። ከዚህ ተነስተህ ሥራውን መጀመር ትችላለህ ወይ እለዋለሁ። የዚህኛውን የመጀመሪያ ረቂቅ አንብቤለት «ኤ5ስ እሺ፤ ቁም ነው አግድም? ሽቦው በየትኛው ጎን ይገባል?» አለኝ። ከላይ «ቁም» የምትለዋን ቃል የጨመርኩት ያን ጊዜ ነው።